«ቁረጠኝ» ሳይሆን «ቀይርልኝ» በይው

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አባቴ ካረፈ አምስት ወሩ ነው። ጥር ላይ አብሮ አደጌ ስታገባ ላለመቅረት ብዬ ሄድኩ። ጥቁሬን ለብሼ፣ የአባቴን ሰዓት እጄ ላይ አስሬ፣ ጥግ ይዤ ነበር የተቀመጥኩት። ከኬኩ በኋላ ሙሽራዋ ራሷ መጥታ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። እምቢ ማለት ከብዶኝ ትንሽ ጨፈርኩ። ባለፈው ሳምንት ሃይላይቱን በቴሌግራም ላከችልኝ። 2፡14 ላይ እኔ ነኝ፤ እየሳቅሁ እስክስታ እመታለሁ። ስቱዲዮው በቅርቡ ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል። እናቴና ዘመዶቼ ደሴ ናቸው። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ ያውቁታል። ለቪዲዮ ባለሙያው «እባክህ እኔን ቁረጠኝ» ብዬ ጻፍኩለት። «ሙሽሮቹን አናግሪ» አለኝና ዝም አለ። ሙሽራዋን ደግሞ በጫጉላዋ ማስቸገር አልፈልግም። ምን ላድርግ?
ከአዲስ አበባ

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ።

መጀመሪያ ስለ ልጁ ልናገር። መልሱ ደረቅ ነው፤ ግን ልክ ነው። እኔ ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ሰባት ዓመት ሰርግ ኤዲት ሳደርግ ነው የኖርኩት። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው ደወለልኝ። «የሙሽራው የአጎት ልጅ ነኝ፣ እሱ ነው የላከኝ። ፊት ጠረጴዛ ላይ ግራጫ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አለ፣ እሱን አውጣው» አለኝ። አመንኩት። ሰውየውን ካለበት ሁሉ ለቅሜ አወጣሁት። ፊልሙ በተሰጠ በማግስቱ የሙሽራው አባት ስቱዲዮ ድረስ መጡ። «ወንድሜ የት ገባ?» አሉኝ። ለካ ዘመዳሞቹ በውርስ ቤት ተጣልተው ኖሯል፤ ሙሽራው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ሰውየውን አንድ በአንድ ወደ ቦታው መለስኩት። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በደወለልኝ ቁጥር እኔም «ሙሽሮቹን አናግሩ» ነበር የምለው።

ውሉ የእነሱ ነው። የከፈሉትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ቁልፉ ያለው ጓደኛሽ ጋ ነው። ያ ደግሞ ለአንቺ ጥሩ ነው፤ እጅሽን ይዛ የጎተተችሽ እሷ አይደለችም እንዴ? አባትሽን ታውቃቸዋለች፣ ምናልባትም ለቅሶ ተቀምጣ ነበር። ስለ ጫጉላው አትጨነቂ። ቪዲዮ ለመላክ ጊዜ ካገኘች አራት መስመር ለማንበብም ታገኛለች።

የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው። ጊዜው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ብሎ ሁሉም ጥር ላይ ስለሚሞሸር፣ በየካቲት የስቱዲዮ ሰው በሃርድ ዲስክ ክምር ውስጥ ነው የሚውለው። ሥራው በተራ ነው የሚሄደው። ሃይላይቱ ግን ተራ አይጠብቅም። አጭር ነው፤ ለስቱዲዮውም ማስታወቂያ ስለሆነ ቶሎ ይወጣል። ሙሉው ፊልም ወር ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል። ጓደኛሽ የላከችልሽ «እዩትና አስተያየት ካላችሁ ንገሩን» ተብሎ የተሰጣት ይመስለኛል። ከዚያ አስተያየት እስከ ዩቲዩብ ያለችው ጊዜ ናት የአንቺ ጊዜ። ሥራው ገና ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ እያለ የጥቂት ሰከንድ ለውጥ ሻይ ሳይበርድ የሚያልቅ ነገር ነው። ሁሉም ነገር ተረክቦ ካለቀ በኋላ ግን አንዳንዱ ስቱዲዮ ለሚቀጥለው ሰርግ ቦታ ለማግኘት ጥሬውን ቀረጻ ያጠፋል። ያኔ በእጁ የሚቀረው ያለቀው ፊልም ብቻ ነው። ካለቀው ፊልም ላይ መቁረጥ ይቻላል፤ በቦታው የሚገባ ምስል ግን አይኖርም።

ወደ ዋናው ነገር የምገባው እዚህ ላይ ነው። «ቁረጠኝ» ስትይው ልጁ የሰማው ምን መሰለሽ?

ሃይላይት ሲሠራ መጀመሪያ የሚቀመጠው ዘፈኑ ነው። ምስሎቹ ከዚያ በኋላ በምቱ ላይ ይደረደራሉ። ከበሮው ሲመታ ምስሉ ይቀየራል፣ ዘፈኑ ሲጋጋል ርችቱ ይፈነዳል። አንቺ ያለሽበት ከ2፡14 እስከ 2፡23 ነው እንበል፤ 9 ሰከንድ። ያንን ከነድምፁ ቢቆርጠው ዘፈኑ ከመሃል ይዘላል። ዘፋኙ አንዱን ስንኝ ሳይጨርስ ሌላው ውስጥ ይገባል። ይህን ደግሞ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ምስሉን ብቻ አውጥቶ የቀረውን ወደፊት ቢስበው ከ2፡14 በኋላ ያለው ሁሉ 9 ሰከንድ ቀድሞ ይመጣል። ምቱን ይስታል። ርችት በሚፈነዳበት ቦታ ሙሽራው ኬክ ሲጎርስ ይታያል። ስለዚህ አንቺ ያልሽው አንድ ቃል ለእሱ «የመጨረሻውን ደቂቃ ተኩል እንደገና ሥራው» ማለት ነው። ዝም ቢልሽ አይገርመኝም።

«ቀይርልኝ» ብትይው ግን ሌላ ነው። ዘፈኑ ካለበት አይነቃነቅም። ከላይ ያለው ምስል ብቻ ተነስቶ ልክ 9 ሰከንድ የሚሞላ ሌላ ምስል ይገባል። ሃይላይት ውስጥ ለአንድ ምስል 9 ሰከንድ ብዙ ስለሆነ ሁለት ሦስት አድርጎ ይከፋፍለዋል። እልል የሚሉ እናቶች፣ ክብ ሠርተው የሚዘሉ ሚዜዎች፣ ጠረጴዛ ስር ገብታ የምትስቅ ሕፃን። እንዲህ ያለ ነገር ሞልቶታል። ቀኑን ሙሉ ከተቀረጸው ውስጥ ሃይላይቱ ላይ የገባው ከአራት ደቂቃ አይበልጥም።

ጓደኛሽ ግን አንድ ነገር ልትል ትችላለች። «እኔም እኮ እዚያ ውስጥ አለሁ።» እውነቷን ነው። ምናልባት ከሰርጉ ሁሉ የምትወደው ያን ይሆናል፤ ጥግ የተቀመጠች ሐዘንተኛ ጓደኛዋን ያስነሳችበትን። እንዲህ ካለች የማጥበብ ዘዴ አለ። ብዙዎቹ ዛሬ የሚቀርጹት በ4ኬ፣ የሚያስረክቡት ደግሞ በፉል ኤችዲ ነው። የ4ኬ ምስል ወርዱ 3840 ነጥብ ሲሆን የፉል ኤችዲ 1920 ነው፤ ልክ ግማሹ። ስለዚህ ኤዲተሩ ጥራቱ ሳይወርድ ምስሉን እስከ እጥፍ ድረስ ወደ ሙሽራዋ ማቅረብ ይችላል። አንቺ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ከሆናችሁ እሷ ትቀራለች፣ አንቺ ትወጫለሽ። ከመጀመሪያው በኤችዲ ተቀርጾ ከሆነ ግን ሲቀርብ ይደበዝዛል። እየተሻገራችሁ፣ እየተቃቀፋችሁ ከሆነም አይሠራም፤ ያኔ መቀየሩ ይሻላል።

ማጥበቡ ከተመረጠ አደራ የምልሽ እጅሽን ነው። እሷ ይዛሻለችና ፊትሽ ወጥቶም እጅሽ በምስሉ ዳር ሊቀር ይችላል። ለማንም ሰው የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ ነው። እናትሽ ግን ያንን ሰዓት ከመቶ ሰዓት መሃል ትለየዋለች። «እጄና ሰዓቱ እንዳይታዩ» ብለሽ በግልጽ ንገሪው፤ ልጁ ስለ ሰዓቱ ሊያውቅ አይችልም።

ብለር የሚባለውን ነገር ደግሞ አትጠይቂ። ፊቱ የተሸፈነ ሰው ዜና ላይ ያምራል። ሰርግ ላይ ግን ያየው ሁሉ «ይቺ ማናት? ምን ሆና ነው?» እያለ ወደኋላ እየመለሰ ነው የሚያያት። ከሃያ ሰው አንዱ ደግሞ በቀሚስሽ ያውቅሻል።

አሁን የት የት እንዳለሽ እናስብ። ሃይላይቱን አይተሻል። ሙሉው ፊልም ላይ ያው ጭፈራ ረዘም ብሎ መምጣቱ አይቀርም፤ 9 ሰከንዱ አንድ ደቂቃ ሊሆን ይችላል። እዚያ ድምፁ የአዳራሹ ነው፤ ዲጄው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው። ሁለት ካሜራ ከነበረ ችግር የለም። ድምፁ ሳይቋረጥ በዚያችው ሰከንድ ሌላኛው ካሜራ ያየውን ማስገባት ነው። አንድ ካሜራ ብቻ ከነበረ ከዚያው ዘፈን ሌላ ቦታ ላይ የሚያጨበጭቡ እንግዶችን አምጥቶ ይሸፍናል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ከሆነ ማንም አይነቃም። ከረዘመ ግን ጭብጨባው ከምቱ ጋር አልገጥም ይላል፤ ያኔ ያንን ዘፈን በሙሉ ማሳጠር ሊሻለው ይችላል። ሙሉው ፊልም ላይ ዘፈን ከነጭራሹ ቢወጣ ማን ያስታውሳል?

ሦስተኛው ቦታ ሰው የሚረሳው ነው። ስቱዲዮዎች ከሃይላይቱ ላይ ለቲክቶክ የሚሆን ቁመታም ቁራጭ ያወጣሉ። የሦስት ሰዓት ፊልም ተቀምጦ የሚያይ የደሴ ዘመድ ብዙ ያለ አይመስለኝም። 20 ሰከንዷ ግን ሳይፈልጓት ስልካቸው ላይ ትመጣለች። ቁመታም ሲሆን ደግሞ የግራና የቀኙ ይቆረጥና መሃል ያለው ሰው ይገዝፋል። መሃል ላይ ያለሽው አንቺ ከሆንሽ ከሃይላይቱ የበለጠ ጎልተሽ ነው የምትወጪው። ስለዚህ ስትጠይቂ ሦስቱንም ጥሪያቸው።

ለጓደኛሽ በጽሑፍ ላኪላት። ስልክ ብትደውይ ታለቅሳላችሁና ሰከንዱ ይረሳል። እንዲህ ብትይስ፦

«የኔ ቆንጆ፣ ሃይላይቱ በጣም ያምራል፤ አንቺማ ስታምሪ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ። 2፡14 ላይ እኔ ስጨፍር አለ። ያን ቀን ስላስነሳሽኝ አልተቀየምኩም። ግን የአባዬ ሙት ዓመት ሳይደርስ እማዬ በሰው ስልክ እንድታየው አልፈልግም። ስቱዲዮው ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ሳይጭነው በሌላ ምስል እንዲቀይርልኝ ፈቅጃለሁ በይልኝ፤ ዝርዝሩን እኔው እጽፍለታለሁ። ላንቺ ብቻ የሚቀመጥ ካለ እሱ ይቆይ፣ ግድ የለኝም። ደግሞ ሃይላይቱን ለማን ለማን እንደላክሽ ንገሪኝ።»

«ላንቺ ብቻ የሚቀመጥ» የምትለዋን ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። ያ ሰርግ የእሷ ነው። ትዝታውን ከነአካቴው አጥፊው ማለት ይከብዳል። ችግሩ ደግሞ ዩቲዩቡ እንጂ የእሷ ሃርድ ዲስክ አይደለም። ይህችን ከሰጠሻት ቀሪውን በደስታ ትሰጥሻለች። ስቱዲዮውም አሁን ያለውን ለእሷ በፍላሽ ይሰጣታል፣ የተቀየረውን ይጭናል። ሁለት ጊዜ ኤክስፖርት ማድረግ ነው እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

አንድ ነገር ጨምሪላት። ስቱዲዮዎች በነፃ የሚያርሙት ብዙውን ጊዜ አንዴ ወይ ሁለቴ ነው፤ ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። እሷም የራሷ እርማት አይጠፋትም፤ የአክስቷ ስም ተሳስቶ ተጽፎ፣ የአማቷ ምርቃት ተረስቶ። ያንቺ ጥያቄ ከእሷ ጋር አብሮ ይሂድ። ለብቻው ሄዶ አንዱን ዕድሏን እንዳይበላባት።

እሺ ስትልሽ ለልጁ ይህን ላኪለት፦

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሙሽራዋ ፈቅዳለች፣ መልእክቷን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሃይላይቱ ላይ ከ2፡14 እስከ 2፡23 ጥቁር ቀሚስና ነጭ ነጠላ የለበስኩት እኔ ነኝ። ምስሉን በሌላ ቀይርልኝ፤ ዘፈኑን አትንካው። ሙሽራዋ እንድትቀር ከተፈለገ ወደሷ አጥብበው፤ እጄና ሰዓቱ ግን እንዳይታዩ። ሙሉው ፊልም ላይና ለቲክቶክ በሚወጣው ላይም እንዲሁ። ከመጫኑ በፊት ብታሳየኝ ደስ ይለኛል። ሥራ እንደበዛብህ አውቃለሁ፣ አመሰግናለሁ።»

ከዚህ በፊት «እባክህ እኔን ቁረጠኝ» ያልሽውን ሲያነብ ምን ይዞ ፋይሉን ይክፈት? አንቺን በመልክ አያውቅሽም። ሰርጉ ላይ አራት መቶ ሰው ነበር፣ እሱ ደግሞ በሳምንት ሦስት ሰርግ ነው የቀረጸው። የላክሽለት ፎቶ እንኳ ካለ ከፊትሽ ይልቅ የዚያን ቀን ልብስሽ የሚታይበት ይሁን። ዓይኑ የሚፈልገው ቀለም ነው። የሐዘኑን ነገር ለእሱ መንገር ግዴታሽ አይደለም፤ ሙሽራዋ ካወቀች ይበቃል።

ይህን ዓምድ ስታነቢ ቪዲዮው ተጭኖ ቢቆይሽስ? ያኔም መንገድ አለ፤ ግን ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ቪዲዮ በዚያው ሊንክ በሌላ ፋይል አይተካም። ወይ ባለቤቱ አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭነዋል፤ እስካሁን ያገኘው እይታ ሁሉ ይጠፋበታልና ቅር ይለዋል። ወይ ዩቲዩብ ውስጥ ባለው ማስተካከያ ከመሃል 9 ሰከንዱን ቆርጦ ያወጣዋል፤ ሊንኩም እይታውም ይቆያል፣ ዘፈኑ ግን ቅድም እንዳልኩሽ ይዘላል። ያን ጊዜ የዘፈን መዝለሉን ተቀበዪው። ሁለቱንም እምቢ ቢልሽ ዩቲዩብ የግል ጉዳይ አቤቱታ የሚቀበልበት ገጽ አለው። አቤቱታው ከታየ በኋላ ለጫነው ሰው እንዲያስተካክል 48 ሰዓት ሊሰጡት ይችላሉ። ከዚያ እነሱ አይተው ይወስናሉ።

ሕግ ምን ይላል የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ወዲያው የሚከተለው አንቀጽ 28 ግን ከምስሉ ጋር የተያያዘው ነገር በአደባባይ የተደረገ ወይም ሕዝብ የሚመለከተው ሥነ ሥርዓት ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። በጥሪ ካርድ የሚገባበት አዳራሽ አደባባይ ነው ወይስ አይደለም? ጠበቆች ይከራከሩበት። አንቺ ግን የመጀመሪያው መልእክትሽ ላይ አንቀጽ እንዳትጠቅሺ። አንቀጽ የተጠቀሰለት ስቱዲዮ ሥራውን ትቶ አለቃውን ነው የሚፈልገው፤ አንቺም ወረፋው መጨረሻ ላይ ትሄጃለሽ።

የማይመለስ ነገርም አለ። ጓደኛሽ ቀድማ የላከችላቸው ሰዎች አሉ። የእንግዶች ስልክ አለ፤ በየጠረጴዛው አንድ ሰው ቆሞ ሲቀርጽ እንደነበር አንቺም አይተሻል። የእነዚያን ልቅምቃሚ ለማስጠፋት መዞር ነገሩን ላልሰማው ማሰማት ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ዛሬ ማታ ለእናቴ እደውል ነበር። «ሰርጉ ላይ ሄጄ ነበር፣ ሙሽራዋ ጎትታ አስነሳችኝ፣ ትንሽ ቆሜ ተቀመጥኩ» ማለት ብቻ። የአባቷ አፈር ሳይደርቅ ጨፈረች የሚል ሰው ሲመጣ እናትሽ ቀድማ የሰማችው ነገር ከሆነ «አውቃለሁ፣ ነግራኛለች» ብላ ትዘጋዋለች። ከሰው አፍ ከሰማችው ግን የሚያማት ጭፈራው አይደለም።

የተቀየረው ሲላክልሽ በስልክ አትዪው፤ ቴሌቪዥን ላይ ክፈቺው። 2፡14ን ብቻ ሳይሆን ከኬኩ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እዪ። አዳራሹ ከመድረኩ ኋላ ትልቅ የኤልኢዲ ስክሪን ከነበረው ደግሞ ዓይንሽን እዚያ ላይ አድርጊ። ብዙ ሰርግ ላይ ካሜራው የሚያየው በቀጥታ እዚያ ይታያል። ፊት ለፊት ሚዜዎቹ ይዘላሉ፣ ኤዲተሩም እነሱን አይቶ «ንጹሕ ነው» ብሎ ያስገባዋል። ከኋላቸው ግን አራት ሜትር ሆነሽ እስክስታ የምትመቺው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። እኔን አንዴ እንዲህ አድርጎ ጉድ ሠርቶኛል። ካገኘሽ ሰከንዱን ጻፊና የቀረውንም አይተሽ ጨርሺ፤ ከዚያ ሁሉንም በአንድ መልእክት ላኪለት።